ሠላሳ ሴኮንድ፣ ሠላሳ ብር

በምሳ ሰዓት የምግብ አዳራሹ ድምፅ ማጉያ ለማስታወቂያ ሲከፈት ለያንዳንዱ ጉዳይ የሚፈቀደው ጊዜ ሠላሳ ሴኮንድ ነው። የጠፋ መታወቂያም ሆነ የተሰረዘ ክፍለ ጊዜ ወይም የእግር ኳስ ግጥሚያ በዚያችው ሠላሳ ሴኮንድ ተነግሮ ያልቃል። ባለፈው መንፈቅ ከሥነ ጽሑፍ ክፍል የተውጣጣን አራት ተማሪዎች አንዱን ሠላሳ ሴኮንድ ለአንድ አነስተኛ በጎ አድራጎት ማኅበር እርዳታ መጠየቂያ እንድናዘጋጅ ተመደብን። ጉዳዩን ስንሰማ የአንድ ምሽት ሥራ መስሎን ነበር፤ ዳሩ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀብን። እንዴት እንደ ተሠራና የት ላይ እንደ ተሳሳትን ለአንባቢ ብንገልጽ፣ ነገ ተመሳሳይ ሥራ ለሚወድቅበት ጓደኛ ጥቂት ድካም ይቀንስለት ይሆናል።

ማኅበሩ የሚገኘው በኮልፌ ቀራንዮ፣ ዘነበወርቅ በሚባለው ሰፈር ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በኋላም በዚያው ቦታ እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ተቋቋመ። ለሕክምና ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሰዎች ከዳኑ በኋላ ብዙዎቹ ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፣ ወልደው፣ ከብደው ቀሩ። ማኅበሩን ያቋቋሙት የእነዚሁ ሰዎች ልጆችና ጎረቤቶች ናቸው። አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ አንድ መዝገብና አንድ ገንዘብ ያዥ ይዘው ይሠራሉ። የፈለጉትም አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለዐሥራ አራት ሰዎች ጫማ።

ጫማው ለምን እንዳስፈለገ መጀመሪያ እኛም አልገባንም ነበር። የሥጋ ደዌ እ.ኤ.አ. በ1873 ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን ባገኘው ባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው፤ በዘር የሚወርድም፣ በእርግማን የሚላክም አይደለም። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል በነፃ ይታደላል፤ እንደ በሽታው ዐይነት ስድስት ወይም ዐሥራ ሁለት ወር የወሰደ ሰው ይድናል። ነገር ግን ሕክምናው ዘግይቶ ከሆነ ባክቴሪያው አስቀድሞ የጎዳው ነርቭ አይመለስም። ስለዚህ ሰውዬው ከበሽታው ድኖ እያለ እግሩ ስሜት አልባ ሆኖ ይቀራል። ጠጠር ጫማው ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ቢፈጨው አያውቅም። ማታ ደም ሲያይ ነው የሚነቃው። ያ ቁስል ሳይጠግግ በላዩ ሲረገጥበት እየጠለቀ ይሄዳል፤ አጥንት ሲደርስ ጣት ወይም እግር እስከ መቁረጥ ያደርሳል። ጫማው እንግዲህ ውስጡ ለስላሳ ጎማ የተነጠፈበት፣ ምስማር ያልተመታበትና እግር የማያጨናንቅ መሆን አለበት። ስሜትን አይመልስም፤ ቁስልን ግን ያስቀራል። ደግሞም ያልቃል፤ ሲያልቅ ሌላ ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ከሰማን በኋላ ተቀምጠን የጻፍነው የመጀመሪያው ረቂቅ ይኸውላችሁ፤ ሳንሸሽግ እናቀርበዋለን።

«የተከበራችሁ የዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎች፣ መምህራንና ሠራተኞች፤ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን፤ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኙ በሥጋ ደዌ ምክንያት ከኅብረተሰቡ ተገልለው በከፍተኛ ችግር ላይ የወደቁ ወገኖቻችንን ለመርዳት የተቋቋመው ማኅበር የሚያደርገውን ዘርፈ ብዙ እንቅስቃሴ በገንዘብ፣ በዓይነት፣ በዕውቀትና በጉልበት በመደገፍ የበኩላችሁን ድርሻ እንድታበረክቱ በትሕትና እንጠይቃለን።»

በጣም ወደድነው። አንዱ ጓደኛችን «እንደ ዜና አንባቢ ያስመስላል» አለ፤ ይህንንም ምስጋና አድርገን ወሰድነው። ከዚያ ሰዓት ይዘን ስናነበው አርባ ሴኮንድ ያህል ፈጀ። ፈጠን ብሎ ማንበብ ይቻል ይሆናል ብለን ሞከርን፤ ሲፈጥን የሚሰማው የቃል ጎርፍ ብቻ ሆነ።

ያን ጊዜ ነው መለኪያ ያስፈለገን። በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ሰዎች ለሠላሳ ሴኮንድ ሰባ፣ ሰባ አምስት ቃል ይላሉ። ይህ ልክ ለአማርኛ አይሆንም፤ አማርኛ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን ሁሉ በአንድ ግሥ ውስጥ ጠቅልሎ ስለሚይዝ «አይነግረኝም» አንድ ቃል ሆኖ ሌላው ቋንቋ በአራት ወይም በአምስት ቃል የሚለውን ይላል። ስለዚህ ቃል መቁጠር ትተን ፊደል ቆጠርን። በጸጥታ ክፍል፣ በረጋ ድምፅ፣ በሠላሳ ሴኮንድ መቶ ሰማንያ ፊደል ገደማ አነበብን። በምግብ አዳራሽ ግን ሳህን ይንኳኳል፣ ወንበር ይጎተታል፤ አንባቢው በየዐረፍተ ነገሩ መካከል ትንፋሽ ካልወሰደ ማንም አይሰማውም። እዚያ ከመቶ ስድሳ ፊደል በላይ አይበቃም። ይህ የእኛ አንባቢ ልክ ነው፤ ሌላው ሰው የራሱን ድምፅ በሰዓት ይለካ።

በዚህ ሚዛን ረቂቃችን ሁለት መቶ ዐሥራ ሰባት ፊደል ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ውስጥ ሃምሳ አምስቱ ሰላምታ ነው። ይህም ማለት ከሠላሳው ሴኮንድ ዐሥሩን ያህል የፈጀነው ተማሪዎችን ተማሪዎች ብለን በመጥራት ነው። ሰላምታ መልካም ነገር ነው፤ ባገራችን ሰው ሳይጠየቅ አይታለፍም። ዳሩ ግን አፉ እንጀራ የሞላ ሰው «የተከበራችሁ» የሚለውን ሲሰማ ቀጥሎ ረጅም ነገር እንደሚመጣ ያውቃልና ወደ ጎረቤቱ ዞሮ ወሬውን ይቀጥላል። ምልክት የሰጠነው እኛው ነን።

ሁለተኛው ጥፋት ከዚህ የባሰ ነው፤ ሰዋስው እያጠናን እንኳ ልብ ያላልነው ነው። አማርኛ ግሡን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ የሚገልጽ ሐረግ ደግሞ ሁሉ ከሚገለጸው ስም በፊት ይደረደራል። በወረቀት ላይ ዐይን ወደ ኋላ ስለሚመለስ ችግር የለውም። በጆሮ ግን «በዘነበወርቅ አካባቢ የሚገኙ በሥጋ ደዌ ምክንያት ከኅብረተሰቡ ተገልለው በከፍተኛ ችግር ላይ የወደቁ» እያለ ሲሄድ ሰሚው እነማን እንደ ሆኑ ሳያውቅ ሸክሙን ይዞ ይጠብቃል። ገና «ወገኖቻችንን» ሲመጣ እፎይ ሊል ሲል ሌላ ሸክም ይጫንበታል። «በገንዘብ» የሚለው ቃል የሚመጣው ከመቶ ስድሳ አንድ ፊደል በኋላ ነው። ጊዜያችን በሚያልቅበት ቦታ ማለት ነው። «እንጠይቃለን» ብለን አፋችንን ስንከፍት ማጉያው ለእግር ኳሱ ግጥሚያ ተላልፎ ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ለጆሮ የሚጻፍ ዐረፍተ ነገር ቶሎ ግሡ ላይ መድረስ አለበት። አምስት ስድስት ቃል፣ ግሥ፣ ነጥብ።

ረቂቁን ለአምስት የመኝታ ክፍል ጎረቤቶቻችን አነበብንላቸውና «ምን ተጠየቃችሁ?» አልናቸው። አንዱ ደም እንዲሰጥ፣ ሌላው በበጎ ፈቃድ እንዲያስተምር የተጠየቀ መሰለው። ሦስተኛው «ስለ ድኾች ነው» አለ። የቀሩት ሁለቱ አልመለሱም። ገንዘብ ያለ አንድም የለም። ይህችን ፈተና ከዚያ በኋላ በየረቂቁ ላይ አደረግናት። «ወደዳችሁት ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ጓደኛ ሁልጊዜ ወደድኩት ይላል። «ምን ተጠየቃችሁ?» ሲባል ግን መዋሸት አይቻልም። ከአምስቱ አራቱ በአንድ ቃል ካልተስማሙ ጽሑፉ ይቀደዳል።

አንድ ነገር ብቻ የመጠየቅን ጥበብ ከሩቅ መፈለግ አልነበረብንም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየተጋፋ ደጅ ላይ ቆሞ የሚለው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብቻ ነው። ከየት እንደ መጣ፣ የስንት ዓመት ትምህርት እንደ ቀረው፣ ዜማ ይማር ቅኔ አይናገርም። የቤቱ እመቤት የምትጠየቀው አንድ ቁራሽ እንጀራ መሆኑን ታውቃለች፤ ቁራሹም ከእጇ አጠገብ ነው። ከሦስት ሴኮንድ አያልፍም። እርግጥ ለዚህ ድፍን ዘመናት የቆየ ልማድ አግዞታል፤ እኛ ያንን ልማድ በሠላሳ ሴኮንድ ልንፈጥረው አንችልም። ልንወስድ የምንችለው ግን የሚጠየቀው ነገር አንድ፣ የታወቀና ከእጅ የማይርቅ መሆኑን ነው።

ከእጅ ያለመራቁ ነገር ከሚታሰበው በላይ ከባድ ጉዳይ ነው። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ለነበረው ረኃብ በለንደን ዌምብሊ ስታድየም በተደረገው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ፣ አዘጋጁ ቦብ ጌልዶፍ በቴሌቪዥን ቀርቦ ሳለ ጋዜጠኛው ገንዘብ በፖስታ የሚላክበትን አድራሻ ሊያነብ ሲል ጌልዶፍ በብስጭት አቋረጠው፤ አድራሻው ቀርቶ የስልክ ቁጥሩ ይነገር ብሎ። ሰዎች የሚያስታውሱት የተሳደበውን ስድብ ነው፤ ፍርዱ ግን ትክክል ነበር። አድራሻ ማለት ፖስታ፣ ቴምብርና ነገ ማለት ነው። ስልኩ ግን ተመልካቹ ቤት ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ነበር።

እኛም መጀመሪያ የቴሌብር ቁጥር በማጉያው እናንብብ ብለን ነበር። ዐሥር አኃዝ በአማርኛ ሲነበብ ሠላሳ ያህል ፊደል ይበላል፤ ከጊዜያችን አንድ አምስተኛ መሆኑ ነው። ለዚያውም በሁለት እጁ ሳህን የያዘ ሰው አይጽፈውም። ስለዚህ ቁጥሩን በትልቁ ጽፈን ሣጥኑ ላይ ለጠፍነውና በማጉያው የምንጠይቀው ሣጥኑን ብቻ አደረግነው። ሁሉም ሰው ሲወጣ በዚያ በር ያልፋል። ከስልኩ መክፈል የፈለገ እዚያው ቆሞ ቁጥሩን ያያል።

ቀጥሎ የመጣው «የተቻላችሁን» የሚለው ቃል ነው። በአማርኛ እርዳታ ሲጠየቅ መጠን አለመጥራት ጨዋነት ነው፤ «የአቅማችሁን» «እግዜር የፈቀደላችሁን» ይባላል። እኛም መጠን መጥራት አፈርን። ዳሩ ግን እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ኪሳችሁ ውስጥ ሁለት መቶ ብር ቢኖርና እስከ ሳምንት መጨረሻ የሚያደርሳችሁ እሱ ብቻ ቢሆን፣ የተቻላችሁ ስንት ነው? አምስት ብር ብትሰጡ ታፍራላችሁ፤ መቶ ብትሰጡ ትራባላችሁ። ሂሳቡ እስኪሠራ በሩን አልፋችኋል። ቁርጥ ያለ መጠን ጠያቂውን እንጂ ሰጪውን አያዋርድም።

ሂሳቡን ከገንዘብ ያዡ ጋር ተቀምጠን ሠራነው። ጫማ ሠሪው ለአንድ ጥንድ ዘጠኝ መቶ ብር ጠይቋል። ዐሥራ አራት ጥንድ ዐሥራ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ብር ይሆናል። ይህን ትልቅ ቁጥር በማጉያ ብንናገር ሰሚው «የኔ ሠላሳ ብር ምን ሊያደርግ» ይላል። ዘጠኝ መቶን ለሠላሳ ሰው ስናካፍል ግን ለያንዳንዱ ሠላሳ ብር ደረሰው። ሠላሳ ሰው፣ ሠላሳ ብር፣ አንድ ጥንድ። ሁለቱም ቁጥር አንድ መሆኑ ለጆሮ ተመቸ፤ ይህ ዕድል ነው እንጂ ብልኃት አይደለም። «በሠላሳ ብር የአንድ ሰው እግር አድኑ» የሚል ሐሳብ ያመጣም ነበረን። አያድንም፤ የሠላሳ ሰው ሠላሳ ብር አንድ ጥንድ ጫማ ይገዛል፤ ጫማው ቁስልን ይከላከላል። ከዚህ ያለፈውን ቆረጥነው።

ገንዘብ ያዡም አንድ ነገር አስቆረጡን። «እያንዳንዷ ሳንቲም ለጫማ ትውላለች» ብለን ነበር። «አትበሉ» አሉን። «ጫማውን ከሠሪው ቤት ዘነበወርቅ የማመጣው በታክሲ ነው። የታክሲውን ከየት አመጣዋለሁ?» በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እንኳ አስተዳደራዊ ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ደነገገ እንጂ ወጪ አይኑር አላለም። ምንም ወጪ የለንም የሚል ማኅበር ወይ የሚደጉመው ሌላ ሰው አለ፣ ወይ መዝገቡን በደንብ አልያዘም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ቁጥሩ ተስተካክሏል፤ ሰውስ?

እ.ኤ.አ. በ2007 ዲቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎወንስታይንና ፖል ስሎቪክ የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። ለተሳታፊዎች አምስት ዶላር ከፈሏቸውና ከዚያ ላይ ለአፍሪካ ረኃብተኞች እንዲሰጡ ዕድል ሰጧቸው። ለአንዳንዱ ስለ ሚሊዮኖች ረኃብ የሚናገር ቁጥር አሳዩት፤ በአማካይ 1.14 ዶላር ሰጠ። ለሌላው ሮኪያ የምትባል የሰባት ዓመት የማሊ ልጅ አሳዩት፤ 2.38 ዶላር ሰጠ። ለሦስተኛው ሁለቱንም በአንድነት አቀረቡለት። ልጅቱም ቁጥሩም ስላሉ የበለጠ ይሰጣል ተብሎ ሊታሰብ ይችላል፤ ግን 1.43 ብቻ ሰጠ። ቁጥሩ ልጅቱን ሸፈናት ማለት ነው። ይህን ካነበብን በኋላ አንድ ሰው ለማቅረብ ቆረጥን።

ሁለተኛውን ረቂቅ ይዘን ዘነበወርቅ ሄድን። በውስጡ «የተጣሉ»፣ «የተረሱ»፣ «ወገን አልባ» የሚሉ ቃላት ነበሩበት። ጫማ ከሚጠብቁት ዐሥራ አራቱ አንዷ የሆኑ እናት ደጃቸው ላይ ጥጥ እየፈተሉ አዳመጡን። ስንጨርስ እንዝርታቸውን አቆሙና «ማነው የተጣለው?» አሉ። «እኔ ቤት አለኝ። ልጆች አስተምሬያለሁ። ዕድር አለኝ፤ ብሞት የሚቀብረኝ አለ። ጫማ ነው የሌለኝ።» ምን እንደምንመልስ አጣን። ቀጥለው እግራቸውን ዘርግተው ተረከዛቸው ላይ ያለውን የድሮ ቁስል ጠባሳ አሳዩንና እንዲህ አሉ፦ «ምስማር ቢወጋኝ እግሬ አይነግረኝም።»

በሦስት ሳምንት ያልጻፍነውን እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት። ዐሥራ ስምንት ፊደል ነው፤ ቆጥረነዋል። በሽታው ምን እንዳደረገ፣ ጫማው ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ሁሉም በውስጡ አለ፤ እዩልኝ፣ እዘኑልኝ የሚል ግን የለበትም። ቃሉን በማጉያ እንድንናገረው ፈቃድ ጠየቅናቸው። «ቃሉን ንገሩ፤ ስሜን አትጥሩ» አሉ። የሰፈራቸውን ስም እንድንጠራ ግን ፈቀዱ።

ስምን በሚመለከት አንድ ነገር እዚህ ላይ ትዝ አለን። ላሊበሎች ጎህ ሳይቀድ በየደጁ ሲያዜሙ አስቀድመው ከጎረቤት የሚጠይቁት የሰጪውን ስም ነው፤ በስሙ ጠርተው ያሞግሱታል፣ ከነፈጋቸውም በስሙ ይረግሙታል። የራሳቸውን ስም አይናገሩም። ልመናውን ካቆሙ የሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል የሚባለው አፈ ታሪክ ግን እነዚህን እናት በመሰሉ ሰዎች ላይ ዛሬም ድረስ ጥላውን አጥልቷል፤ ደዌውን ከቅጣት ጋር ያገናኘዋልና። እኛም «ከሥጋ ደዌ ድነዋል» የሚለውን ሐረግ የፊደል ጥበት ቢኖርም አላስወጣነውም። ሰሚው በሽታው የሚድን መሆኑን ሳያውቅ ገንዘብ ቢሰጥ፣ ከሣጥኑ ያገኘነውን በፍርሃቱ መልሰን ከፈልን ማለት ነው።

በመጨረሻ የተነበበው ይህ ነው፦

«ምስማር ቢወጋኝ እግሬ አይነግረኝም። ይህን ያሉን ዘነበወርቅ የሚኖሩ እናት ናቸው። ከሥጋ ደዌ ድነዋል፤ የእግራቸው ስሜት ግን አልተመለሰም። ለስላሳ ጫማ ቁስልን ይከላከላል። እንደሳቸው ያሉ ዐሥራ አራት ሰዎች ጫማ ይፈልጋሉ። ሠላሳ ሰው ሠላሳ ሠላሳ ብር ቢሰጥ አንድ ጥንድ ይገዛል። ሳጥኑ በሩ ላይ ነው። ዛሬ ስትወጡ ሠላሳ ብር ጨምሩ። ሠላሳ ብር።»

መቶ ስድሳ አንድ ፊደል ነው፤ አንድ ትርፍ አለበት። «አንዱ ጥንድ ዘጠኝ መቶ ብር ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረ፤ ከሠላሳ ሰውና ከሠላሳ ብር ጋር ሲደመር ሦስተኛ ቁጥር ስለሆነ ወጣ። ዋጋውን ማወቅ የፈለገ ራሱ ያባዛዋል። የማኅበሩም ስም አልተጠራም፤ ሣጥኑ ላይ ከነማኅተሙና ከነደረሰኝ ደብተሩ ተቀምጧል። መጠኑ መጨረሻ ላይ የተደገመው ለማሳመር አይደለም፤ አንዱ ሠላሳ በሳህን ድምፅ ቢዋጥ ሌላው እንዲሰማ ነው። አንባቢዋ ጓደኛችን ግን መጀመሪያ ስትለማመድ እንደ ማንኛችንም በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር፤ በአማርኛ ያ ማለት ግሡንና ብሩን መዋጥ ነው። «ጨምሩ» ላይ ቀና ብላ እንድታነብ ሦስት ቀን ተለማመደች። ከአምስቱ ጎረቤቶቻችን አምስቱም «ሠላሳ ብር» ብለው መለሱ።

ማክሰኞ ተነበበ። ሣጥኑ ማታ ገንዘብ ያዡ ባሉበት ሲከፈት ከቴሌብሩ ጋር ስምንት ሺህ ሦስት መቶ ዐሥር ብር ተገኘ። ዘጠኝ ጥንድ በስምንት ሺህ አንድ መቶ ታዘዘ፤ ሁለት መቶ ዐሥሩ ለታክሲ ሆነ። ከዐሥራ አራቱ አምስት ሰው ቀረ።

ነገሩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን። ግን በሳምንቱ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ደረጃው ላይ አስቁሞን «እኚያ እናት ጫማቸውን አገኙ?» አለን። አላገኙም ነበር። ማኅበሩ ጫማውን ያደለው አሁን ክፍት ቁስል ላለባቸው በማስቀደም ነው፤ የእሳቸው ተረከዝ ለጊዜው ደርቋል፤ ስለዚህ ከአምስቱ ጋር ተራ ይጠብቃሉ። አደላደሉ ትክክል ነው። ነገር ግን ተማሪው «እኔ እኮ ለሳቸው ነው የሰጠሁት» አለ። ጽሑፋችንን መልሰን አነበብነው። ለሳቸው ይሰጣል የሚል ቃል የለበትም፤ «እንደሳቸው ያሉ ዐሥራ አራት ሰዎች» ይላል። እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር እውነት ነው። ሆኖም አንድ ሰው አስቀድሞ፣ ድምፁን አሰምቶ፣ ከዚያ «ጨምሩ» የሚል ጽሑፍ ሰሚውን ወዴት እንደሚወስደው እናውቅ ነበር፤ የሮኪያንም ጥናት ያነበብነው ለዚሁ ነበር። ለተማሪው ይህንኑ ነገርነው። ገንዘቡን ልንመልስለት ብንልም አልተቀበለም።

ከመካከላችን አንዱ በሚቀጥለው ጊዜ ሰው ሳንጠቅስ ጫማውን ብቻ እንናገር አለ። ሌላዋ ደግሞ ያ ከሆነ ያንን ዐሥራ ስምንት ፊደል ማን ሊተካው ነው አለች። ብዙ ተከራክረን፣ ቃሉም ይቅር ያልቀረውም እውነት ይጨመር በሚለው ተስማማን። እናቲቱንም ደግመን ጠየቅናቸው፤ «ታዲያ እኔ እንዳልደረሰኝ ንገሯቸዋ» አሉ።

በሁለተኛው ማክሰኞ የተነበበው አጠር ያለ ነበር፦

«ባለፈው ሳምንት ዘጠኝ ጥንድ ጫማ ገዝታችኋል። ቁስል ላለባቸው ተሰጠ። ምስማር ቢወጋኝ እግሬ አይነግረኝም ያሉት እናት ገና አላገኙም። እሳቸውና አራት ሰዎች ቀርተዋል። ሳጥኑ በሩ ላይ ነው። ሠላሳ ብር።»